የጣውላው ጉብጠት ከየት መስመር ይለካል?

በ1638 ላይደን ከተማ ውስጥ በታተመው የጋሊሊዮ ጋሊሌይ መጽሐፍ ላይ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ከግንብ ወደ ውጭ የወጣ ወፍራም ወራጅ ጫፉ ላይ ሸክም ተንጠልጥሎበታል። ጋሊሊዮ ይህ እንጨት ምን ያህል ሸክም ችሎ እንደሚሰበር ለማስላት ፈለገ። ሲሰበር በታችኛው ጠርዙ ላይ እንደሚዞርና ከዚያ በላይ ያለው ገጽ በሙሉ እኩል እንደሚሳብ አሰበ።

ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ አንድ ትልቅ ነገር በትክክል አገኘ፤ የወራጁ ጥንካሬ ከቁመቱ ካሬ ጋር ያድጋል። መጠኑን ግን ሳተ። በዛሬው ስሌት ሲታይ፣ እስኪሰበር ድረስ መለጠጡና ጉልበቱ አብረው ለሚያድጉ ቁሶች የጋሊሊዮ ውጤት ከእውነቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ኤድሜ ማሪዮት፣ ከሞተ በኋላ በ1686 በወጣው ሥራው፣ መለጠጡ ከታችኛው ጠርዝ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ላይ እያደገ እንደሚሄድ ወስዶ ስሌቱን አሻሻለ። እሱም ቢሆን እውነቱን በእጥፍ አለፈው። ችግሩ መለኪያው የሚጀምርበት መስመር ነበር።

ወራጁ በአንድ በኩል ሲለጠጥ በሌላው በኩል ይጨመቃል። ገጹ በሙሉ የሚሳብ ቢሆን ኖሮ ስበቱን የሚመልስ ግፊት ስለማይኖር ሚዛኑ ይፈርስ ነበር። ስበቱና ግፊቱ እኩል የሚሆኑት፣ የማይለጠጠውና የማይጨመቀው መስመር በገጹ እምብርት በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ገጽ ይህ መስመር የቁመቱ እኩሌታ ላይ ነው። አንትዋን ፓረን በ1713፣ ሻርል ኦጉስተን ኩሎም ደግሞ በ1773 ይህን የኃይል ሚዛን ስሌቱ ውስጥ አስገቡ።

መሐንዲሶች ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የሚሉት ቁጥር የሚገኘው ከዚህ መስመር ተነስቶ ነው። ገጹ በቀጫጭን አግድም ቁራጮች ይከፈልና የእያንዳንዱ ስፋት ከመስመሩ ባለው ርቀት ካሬ ተባዝቶ ይደመራል። ርቀቱ ሁለት ጊዜ የሚባዛው ራቅ ያለው ቁራጭ ሁለት ጥቅም ስላለው ነው። አንደኛ፣ አብዝቶ ስለሚለጠጥ አብዝቶ ይስባል። ሁለተኛ፣ የሚስበው ከሩቅ ስለሆነ የመመለስ አቅሙ ይጨምራል። ወርዱ b፣ ቁመቱ h ለሆነ አራት ማዕዘን፣ ድምሩ ከእምብርቱ ሲለካ bh³/12፣ ከታችኛው ጠርዝ ሲለካ ደግሞ bh³/3 ይሆናል።

ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በጠርዙ የቆመ ጣውላ እንውሰድ። 20 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 8,000 ነው፤ በ5 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 3,333 ገደማ ይመጣል። ከታችኛው ጠርዝ ከተለካ ግን ለ3 ስለሚካፈል 13,333 ይሆናል፤ ልክ አራት እጥፍ። ልዩነቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የገጹ ስፋት 100፣ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 10 ነው። 100 በ10 ካሬ ሲባዛ 10,000 ይሆናል፤ ይህ በ3,333 ላይ ሲደመር 13,333ን ይሰጣል። ስለዚህ ለብቻው የቆመ ጣውላ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በ bh³/3 ያሰላ ሰው ጣውላውን ከእውነቱ አራት እጥፍ ግትር አድርጎ ይገምታል።

ታዲያ bh³/3 ምን ይሠራል? ያው ጣውላ በጀርባው ሲተኛ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 5 ይሆንና ቁጥሩ ወደ 208 ይወርዳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጣውላዎች ሳይያያዙ ቢደራረቡ እያንዳንዱ በራሱ እምብርት ዙሪያ ይጎብጣል፤ ድምራቸው 417 ገደማ ነው። መገናኛቸው በሙጫ በደንብ ከተያያዘ ግን ሁለቱ እንደ አንድ እንጨት ይሆኑና የጋራ እምብርታቸው መገናኛው ላይ ያርፋል። መገናኛው ለላይኛው ጣውላ ታችኛው ጠርዙ ነው፤ ለታችኛውም የላይኛው ጠርዙ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው የሚሠራው ቀመር bh³/3 ይሆናል፤ 833 እና 833፣ በድምሩ 1,667 ገደማ። ቁመቱ 10 የሆነ አንድ ወጥ እንጨት በ bh³/12 ቢሰላም ይኸው ቁጥር ይገኛል። እንጨት ሳይጨመር፣ ሁለቱ እንዳይንሸራተቱ በመደረጉ ብቻ ግትርነቱ አራት እጥፍ አደገ።

ሙጫው ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በጣውላዎቹ ጫፍ ነው። ሳይጫኑ በፊት በአንድነት ተቆርጠው እኩል የነበሩት ጫፎች ሸክም ሲያርፍባቸው ደረጃ ከሠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። በምስማር ብቻ የተመቱ ጣውላዎች ምስማሩ ትንሽ ስለሚላላ ከ417 ይበልጣሉ፤ 1,667 ግን አይደርሱም። እንዲህ ያለውን ወራጅ በሙሉ ቁመቱ አስልቶ ሸክም የሚጭንበት ሰው ወራጁ ከስሌቱ አልፎ ሲጎብጥ ያገኘዋል።