የሞቀው ክትባት ይጣላል ወይስ ይሰጣል?

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተረከብነውን የክትባት ሳጥን ስንከፍት የሙቀት መመዝገቢያው የማንቂያ ምልክት አሳይቷል። ከ8 ዲግሪ በላይ ለ14 ሰዓት ቆይቷል፤ ከፍተኛው 24 ዲግሪ ነው። ፔንታውን፣ ፖሊዮውንና ኩፍኙን ‹እንዳይሰጥ› ብለን ጽፈንባቸው ፍሪጅ ውስጥ ለብቻ አስቀምጠናቸዋል። የባች ቁጥራቸውንና የብልቃጦቹን ፎቶ አያይዣለሁ። ምላሻችሁን እስክናገኝ ለማንም አንሰጥም።»

አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ለክትባት አቅራቢው መጋዘን እንዲህ ብትጽፍ ሥራዋን በሚገባ አውቃለች ማለት ነው። ክትባቱን አልጣለችም፤ ነገሩን ደብቃም ለሕፃናት አልሰጠችም። ሞቋል ብላ ደግሞ ከፍሪጅ ውጭ አልተወችውም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ደህና የነበረውም በጥበቃ ላይ እያለ ይበላሻል።

የሞቀን ክትባት ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ድሮ መብራት ከጠፋ ወይም መኪና መንገድ ላይ ከተበላሸ ጤና ባለሙያው በግምት ይወስን ነበር። ግምቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጣሉ ያደላ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን በመጀመሪያ በፖሊዮ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክትባቶች ብልቃጥ ላይ በባለሙያዎች ዘንድ «ቪቪኤም» የሚባል ትንሽ ምልክት መለጠፍ ተጀመረ። ክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። አራት ማዕዘኑ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፣ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ አይነጣም። ከክቡ የነጣ ከሆነ ክትባቱ ይሰጣል። ከክቡ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠው ይጣላል።

ስለዚህ ነርሷ የያዘቻቸው ሁለት ምስክሮች የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። መመዝገቢያው ሳጥኑ በዚህ ጉዞ ምን እንደደረሰበት ይናገራል። ቪቪኤም ግን እያንዳንዱ ብልቃጥ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የጠጣውን ሙቀት ሁሉ ደምሮ ያሳያል። ሙቀትን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የብልቃጡ ነው።

በምሳሌያችን እንየው። ፔንታ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፍበት ምልክት በ37 ዲግሪ 14 ቀን፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 90 ቀን ገደማ የሚቆይ ነው። ሳጥኑ 14ቱንም ሰዓት በ24 ዲግሪ ቆየ ብንል እንኳ ፔንታው ካለው አቅም ያጣው አንድ በመቶ አይሞላም። የአፍ ፖሊዮ ግን ሙቀት አይችልም፤ ምልክቱ በ37 ዲግሪ በ2 ቀን ያልቃል። ስለዚህ የፖሊዮው አራት ማዕዘን ጠቆር ብሎ የፔንታው እንደነበረ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ጠቆር ያለው ገና ክቡን ካልደረሰ ይሰጣል፤ የአገልግሎት ማብቂያው ሩቅ ቢሆንም ከሌሎቹ ቀድሞ መውጣት አለበት። የኩፍኙ ምልክት የሚነበበው ዱቄቱ ከመበጥበጡ በፊት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ምልክቱ አያገለግልም፤ ክትባቱም ከ6 ሰዓት አያልፍም።

ምልክቱ ዝም የሚልበት ጉዳይ ግን አለ፤ እሱም በረዶ ነው። ሞቀ የሚል ክስ የመጣበት መጋዘን በሚቀጥለው ጊዜ ሳጥኑን ከፍሪዘር በቀጥታ በወጣ አይስ ፓክ ሊጠቀጥቀው ይችላል። ያኔ ፔንታ፣ ሄፓታይተስ ቢና የቴታነስ ክትባት ይረጋሉ። እነዚህ በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ቅመም በረዶ ሲነካው ይጓጉላል፣ አቅማቸውም ይወድቃል፤ ቪቪኤሙ ግን እንደነጣ ይቀራል። በእኔ ግምት ከሙቀቱ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራል፤ ጉዳቱ በዓይን አይታይምና። አይስ ፓክ ወደ ሳጥን የሚገባው ውጭ ቆይቶ፣ ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ መሰማት ሲጀምር ነው።

ጥርጣሬ ካለ ከዚያው ባች አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ይረጋል፣ ከዚያም ይሟሟል። ከተጠረጠረው ጋር አብረው ተወዝውዘው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የተጠረጠረው ዝቃጩ ሆን ተብሎ ከረጋው ጋር እኩል ወይም ከዚያ ፈጥኖ ከወረደ ይጣላል፤ ዘግይቶ ከወረደ በረዶ አላገኘውም። ፍተሻው ለፖሊዮና ለኩፍኝ አይሠራም። ረግቶ ለተገኘ ብልቃጥም አያስፈልግም፤ እሱ በቀጥታ ይወገዳል።

ምልክቱ የሌለባቸውም ክትባቶች አሉ፤ የፋይዘር የኮቪድ ክትባት ብልቃጥ አንዱ ነበር። የአሜሪካ ክሊኒኮችም በአብዛኛው ቪቪኤም የሌለው ክትባት ነው የሚረከቡት። እንዲህ ሲሆን ነርሷ ብልቃጡን አይታ መወሰን አትችልም። ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት የሚለውን መዝገብ ለአምራቹ ልካ መልሱን በጽሑፍ መጠበቅ ይኖርባታል።