ካሜራው ያላያቸው መንገደኞች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር በመስኮቱ በኩል «ቡልቫር ዱ ታምፕል» የተባለውን የፓሪስ ጎዳና ፎቶግራፍ አነሳ። ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚተራመስበት ነው፤ ምስሉ ላይ ግን ጭር ብሏል። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይታይ አለፈ። ተለይቶ የታየው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ሰው ነው።

ፈጠራው በ1839 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን መጀመሪያ የተጎዱት የሰው መልክ በትንሹ እየሣሉ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ደንበኛው ወደ ፎቶ ቤት ሄደ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ተከትለውት ገቡ፣ ፎቶ አንሺ ሆኑ ወይም ፎቶ በቀለም ማስዋብ ያዙ።

ሠዓሊው ግን ወዲያው እውነተኛ መልክን መቅዳት አልተወም። እንዲያውም ሠዓሊው ደላክሯ ፎቶግራፍ እያየ የሰውን ገላ ያጠና ነበር። አንግር ደግሞ በ1862 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ከጥበብ መቆጠሩን ከተቃወሙት ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ።

ለውጡ ጎልቶ የታየው ሌላ ጎዳና ላይ ነው። ክሎድ ሞኔ «ቡልቫር ዴ ካፑሲን»ን የሣለው በ1873 እና 1874 ዓ.ም. መካከል፣ የዝነኛው ፎቶ አንሺ ናዳር ስቱዲዮ ከነበረው ሕንፃ ከፍታ ወደ ታች እያየ ነው። ከታች የሚተራመሰውን ሕዝብ ፊትና ልብስ አልሰጠውም፤ እያንዳንዱ መንገደኛ በብሩሽ ጫፍ የተጣለ አንድ ጥቁር ጭረት ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ጭረት ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ግን ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል። የዳጌር ሰሌዳ የሰረዛቸው መንገደኞች እዚህ ጎዳናውን ሞሉት።

በሚያዝያ 1874 ዓ.ም. ሞኔና ጓደኞቹ የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸውን የከፈቱት በዚያው ሕንፃ ነበር። ሐያሲው ሉዊ ለሯ እነዚያን ጭረቶች ክፉኛ ተሳለቀባቸው። ለሯ ያልተጠናቀቀ ሥራ ያየበት ቦታ፣ በእኔ ሚዛን፣ ሥዕል ከካሜራው የበለጠበት ቦታ ነው።

ካሜራው ቀለምም አልነበረውም። ሞኔ በ1890ዎቹ የሩዋንን ካቴድራል ፊት በጧት፣ በቀትርና በጭጋግ ደጋግሞ ሣለ፤ በ1895 ዓ.ም. ሃያዎቹን ለእይታ አቀረበ። ድንጋዩ አንድ ነው፣ የሚለዋወጠው በላዩ የሚያርፈው ብርሃን ነው። የጊዜው ፎቶግራፍ ያን ሁሉ ወደ ግራጫ ይለውጠው ነበር።

ሁሉንም ለካሜራ መስጠት ግን ስሕተት ይሆናል። በ1841 ዓ.ም. የተፈለሰፈው የቀለም ቱቦ ባይኖር ውጭ ቆሞ መሣል ይከብድ ነበር፤ የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችም ሠዓሊዎቹን በእጅጉ ስበዋል። ካሜራው ያደረገው መልክ የመቅዳትን ሥራ ርካሽ ማድረግና የራሱን ጉድለት ማሳየት ነው።

የሉሚዬር ወንድማማቾች የቀለም ፎቶግራፍ ሰሌዳ ለገበያ የቀረበው በ1907 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ፒካሶ ፓሪስ ውስጥ «የአቪኞን ልጃገረዶች»ን፣ ከፊሎቹ ፊታቸው ጭንብል የመሰለ አምስት ሴቶችን፣ ሣለ።