ሃያ ሺህ ማለት ስንት ጊዜ ነው?

መርካቶ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ሱቁ አንዲት ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ ናት፤ ገበያው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ፎቶ ይለጥፋል፣ ከሥሩ መግለጫ ይጽፋል፣ ደንበኛ በኢንቦክስ ይጠይቃል፣ እቃው በሞተር ይላካል። በቅርቡ ከሸጣቸው ፓወር ባንኮች ሁለቱ ተመለሱበት። የሁለቱም ገዢዎች ቅሬታ አንድ ነበር፦ «አራት ጊዜ ይሞላል ብለኸን ሁለት ጊዜ ሞልቶ አለቀ፤ ፎርጅድ ነው።»

እቃውን ከፍቶ ያየው ባለሙያ ግን ምንም እንከን አላገኘበትም። የተበላሸው መግለጫው ነበር።

መጀመሪያ ሲጽፈው እንዲህ ነበር፦ «ፓወር ባንክ፣ 20,000 ሚሊአምፒር አወር፣ 22.5 ዋት፣ ሁለት ዩኤስቢ፣ አንድ ታይፕ ሲ፣ ኦሪጅናል።» ይህ የእቃው ባህርይ ዝርዝር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ሁሉ ተገልብጧል። ገዢ ግን አንብቦት ሲያበቃ አሁንም አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ «እና ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ልጁ ይህን ተረዳ። ደንበኛ የሚፈልገው ቁጥሩን ሳይሆን ጥቅሙን ነው ብለውት ስለነበር ሃያ ሺሁን ለአምስት ሺህ አካፈለና «ስልክህን አራት ጊዜ ይሞላል» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሒሳቡ ግን አልነበረም። ባህርይን ወደ ጥቅም መለወጥ ጥሩ ቃል የመፈለግ ጉዳይ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሒሳብ ነው እላለሁ።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። አፕል በ2001 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አይፖድ ሲያወጣ፣ ስቲቭ ጆብስ ከ5 ጊጋባይት ይልቅ ኪስ ውስጥ ስለሚገቡ አንድ ሺህ ዘፈኖች ነበር አጉልቶ የተናገረው። ይህ ሲወሳ ሁሉም የሚያደንቀው የአነጋገሩን ውበት ነው። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ የሚቆም መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ በተለመደ የድምፅ ጥራት አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 1.2 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 4.8 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሺህ ጊዜ ሲባዛ ከ5 ጊጋባይት በታች ይውላል። ገዢው ቤቱ ሄዶ ቢቆጥር አያፍሩም ነበር።

የእኛን ፓወር ባንክ በዚያው መንገድ እንቁጠረው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሃያ ሺህ የሚለካው በውስጡ ባሉት የሊቲየም ባትሪዎች ቮልቴጅ ነው፤ እርሱም 3.7 ቮልት ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከዚህም ላይ የሚለውጠው ሰሌዳ ራሱ እየሞቀ የተወሰነውን ይበላል። ስለዚህ አምራቾች ከእቃው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር ያትማሉ፤ በ5 ቮልት በእርግጥ የሚወጣውን መጠን ማለት ነው። ልጁ በያዘው እቃ ላይ ይህ ቁጥር 12,000 ይላል። ከፊት ሃያ ሺህ፣ ከኋላ አሥራ ሁለት ሺህ። ልጁ ለወራት ሲሸጠው ቆይቶ ጀርባውን አንብቦት አያውቅም ነበር።

አሁን ሁለቱንም ወደ አንድ መለኪያ እናምጣ። አሥራ ሁለት ሺሁ በ5 ቮልት 60 ዋት አወር ነው። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ የሚይዘው 19 ዋት አወር ያህል ነው፤ ስልኩም ሲሞላ ስለሚሞቅና ጥቂት ስለሚባክን 22 ያህል ይጠይቃል። ስልሳን ለሃያ ሁለት ስናካፍል ሁለት ሙሉ ይሆንና ለሦስተኛው ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ከባዶ የተነሳ ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሦስተኛውን ይጀምራል። ሁለቱ ገዢዎች የቆጠሩትም ይህንኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ብዬ ብጽፍ ጎረቤቴ አራት ጊዜ እያለ ማን ከእኔ ይገዛል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ያን ቀን ብዙ ያወራነውም ስለዚህ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ «ሁለት ጊዜ» ብቻውን ደካማ የሚሆነው ያለ ቀን ስለቆመ ነው። ስልኩን በቀን አንዴ የሚሞላ ሰው «ሁለት ጊዜ» የሚለውን «ሁለት ቀን» ብሎ ቢያነበው ነገሩ ይለወጣል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ ስልኩ አይዘጋም ማለት ነው። «አራት ጊዜ» የሚለው ጎረቤት ያልጻፈው ይህን ነው።

ይህን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም፤ የኢንቦክሱን መልእክቶች ወደ ኋላ እያነበብን ነበር። «ዋጋ ስንት ነው» የሚሉትን ካለፍን በኋላ የቀሩት ጥያቄዎች ተደጋጋሚ ነበሩ። ዋይፋይ ያስነሳል ወይ? ዱባይ ይዤ መሄድ እችላለሁ ወይ? ለእኔ ስልክ ቶሎ ይሞላል ወይ? እርሱ ራሱ ለመሞላት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደንበኛው የሚፈልገውን ጥቅም በራሱ አፍ እየነገረው፣ ልጁ ለእያንዳንዱ በተናጠል «አዎ» ወይም «አይ» እያለ ሲመልስ ከርሟል። መግለጫው ውስጥ መግባት የነበረባቸው እነዚህ መልሶች ናቸው።

ዱባዩ ቀላሉ ነው። ሃያ ሺህ በ3.7 ቮልት 74 ዋት አወር ይሆናል፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ነው። ስለዚህ ያልፋል፤ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ወደ እቃ መጫኛው በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ቁጥሩ በእቃው ላይ ሊነበብ ይገባል፤ ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል።

የራሱ መሙያ ጊዜም በሒሳብ ይወጣል። 74ቱን ለመሙላት ብክነቱ ታክሎ ወደ 87 ይፈለጋል፤ በተለመደው 10 ዋት ቻርጀር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህ በሰዓታችን ሲጻፍ ወዲያው ይገባል፦ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሰካ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሞላል።

ፍጥነቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 22.5 ዋት ጣሪያ ነው። ስልኩ ያንን የሙሊት ስልት ካልተቀበለ ወይም ገመዱ ካልቻለ እቃው ራሱ ወደ 10 ወይም 15 ዋት ይወርዳል። ገበያችን ውስጥ የሚበዙት ስልኮች ደግሞ የየራሳቸው ስልት አላቸው። ስለዚህ «ለሁሉም ስልክ ፈጣን» የሚለው ጥቅም አይደለም፤ የሚመጣ ጠብ ነው። ያደረግነው ይህን ነው፦ ከሱቁ ሦስት የተለያዩ ስልኮች ተነሱ፣ ባትሪያቸው 20 በመቶ ሲደርስ ተሰኩ፣ በግማሽ ሰዓት ስንት እንደደረሱ ተጻፈ። መግለጫው ውስጥ የሚገባው የስልኩ ስምና የተገኘው ቁጥር ነው። ያልሞከርነውን አልጻፍንም።

ዋይፋዩ ላይ ብዙ ሻጮች «ያስነሳል» ብለው ያልፋሉ። አብዛኛው የቤት ራውተር 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህ እቃ በተራው ዩኤስቢ 5 ይሰጣል። ስለዚህ በቀጥታ አያስነሳም፤ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ገመድ ለብቻው ይገዛል። ገመዱ ካለ፣ አስማሚው ላይ 12 ቮልትና 1 አምፒር የሚል ራውተር ቢበዛ 12 ዋት ይወስዳል፤ ከስልሳው ገመዱ የሚያባክነው ሲቀነስ ከአራት ሰዓት በላይ ይቆያል። ገመዱን መጥቀስ ሽያጭ ያበላሻል ብሎ ፈርቶ ነበር። እኔ ግን ይህ ሐቅ እቃውን ከመመለስ ያድነዋል፣ ገመዱንም ያሸጥለታል ብዬ አምናለሁ።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ላይ ተከራከርን። ሁሉም ስለሚጽፈው ምንም አይናገርም። በእሱ ፈንታ ገዢው ራሱ የሚፈትነው ነገር ቢሰጠው ይሻላል፤ ይኸውም ክብደት ነው። በፓወር ባንክ የተለመደው የሊቲየም ባትሪ በአንድ ኪሎ ከ250 ዋት አወር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ እውነተኛ ሃያ ሺህ የሚይዝ የተለመደ ፓወር ባንክ በአብዛኛው ከ300 ግራም በታች አይመዝንም። የልጁን እቃ ታች ያለ የቅመማ ቅመም ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 390 ግራም ሆነ። ክብደቱ ደግሞ ጉድለትም ነው፦ ኪስ ይጎትታል፤ ለቦርሳ እንጂ ለኪስ አይደለም። እሱም ተጻፈ።

አዲሱ መግለጫ ይህ ሆነ፦

«መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ ስልክዎ አይዘጋም። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክን ከባዶ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ለሦስተኛው ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሰኩት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። ዋይፋይ ለማስነሳት ባለ 12 ቮልት ገመድ ያስፈልጋል፤ ለብቻው አለን፤ ከአራት ሰዓት በላይ ያቆያል። ክብደቱ 390 ግራም ስለሆነ ለቦርሳ ይመቻል። የሞከርናቸው ስልኮችና ፍጥነታቸው ከታች አለ።»

ከዚህ በታች የቀድሞው ዝርዝር ሳይነካ ቀረ፤ አሥራ ሁለት ሺሁ ብቻ ታከለበት። እቃ የሚያውቅ ገዢ ቀጥታ ወደዚያ ስለሚወርድ ባህርዩ አይጣልም። ጥቅሙ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውም እርሱ ነው። የሁለቱ ዩኤስቢዎች ቁጥርም እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ቆየ፤ ከኢንቦክሱ ማንም ስላልጠየቀበት ዓረፍተ ነገር ልናበጅለት አልሞከርንም።

ቋንቋው ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩለት። መጀመሪያ «ስልክህን» ብሎ ነበር፤ ከሚጽፉለት ደንበኞች ግን ብዙዎቹ ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። አማርኛ ያነጋገረውን ሰው ሳይመርጥ ማለፍ ስለማይቻል «ስልክዎን» አልነው።

ሊለጥፈው ሲል ፎቶውን አየሁት። እቃው ጎን በቀይ ትልቅ ፊደል «4 ጊዜ!» የሚል ነበረበት፤ ጽሑፉን ስናስተካክል ሁለታችንም ረስተነዋል። ልጁ ስልኩን አዘንብሎ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ቀዩን አጥፍቶ በቦታው እቃው ሚዛን ላይ ተቀምጦ ያነሳነውን ፎቶ አስገባ።