አድራሻውን የሚያነብ ቁልፍ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ክላውድፍሌር በተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ የሚሠሩ ቢያንስ 76 ሰዎች፣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በስልካቸው አጭር መልእክት ደረሳቸው። የሥራ ፈረቃዎ ተቀይሯል፣ ለውጡን ለማየት ይህን ይንኩ ይላል። አድራሻው cloudflare-okta.com ነበር። ኦክታ ደግሞ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ሥራ ሲስተማቸው የሚያስገቡበት የታወቀ አገልግሎት ስለሆነ፣ ስሙ ማንንም አያስጠረጥርም። ሌቦቹ ይህን አድራሻ ያስመዘገቡት መልእክቱ ሊላክ 40 ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ነው።

ሦስት ሠራተኞች ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። የጻፉት ሁሉ በዚያው ቅጽበት በቴሌግራም ለሌቦቹ ይደርስ ነበር። ቀጥሎ ሐሰተኛው ገጽ ሁለተኛውን ኮድ እንዲጠይቅ ተደርጎ ተሠርቷል። በስልክ መልእክት የሚመጣም ሆነ በየ30 ሴኮንዱ በሚቀያየር መተግበሪያ ላይ የሚታይ ኮድ ቢሆን ኖሮ፣ ሠራተኛው ሲጽፈው ሌባው ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ በእውነተኛው ገጽ ላይ ይገለብጠው ነበር። ክላውድፍሌር ግን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሴኪዩሪቲ ኪይ የሚባል ትንሽ የደኅንነት ቁልፍ ሰጥቶ ስለነበር የይለፍ ቃሉን የያዙት ሌቦች እዚያው ቀሩ። በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ዘዴ የተጠቃው ትዊልዮ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሠራተኞቹ ሲታለሉ ሲስተሙ ተሰብሯል። በእሱ በኩል መልእክት ይልክ የነበረው ሲግናልም 1,900 ያህል ተጠቃሚዎቹ ለአደጋ መጋለጣቸውን ገልጿል።

የክላውድፍሌር ሠራተኞች ከሌሎቹ ይልቅ ንቁ ስለሆኑ አይደለም የተረፉት። ሦስቱ ተታለዋል፤ ያልተታለለው ቁልፉ ነው።

ቁልፉ የአውራ ጣት ያህል የሆነ፣ እንደ ፍላሽ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ወይም ከስልክ ጀርባ ጠጋ ሲያደርጉት የሚሠራ ዕቃ ነው። ባትሪም ሲም ካርድም የለውም። ውስጡ ያለችውን ቺፕ እንደ ማህተም ቀራጭ አስቧት። ቁልፉን ከጂሜይል አካውንትዎ ጋር በመጀመሪያ ሲያገናኙት፣ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ የሚያገለግል አንድ ማህተም ይቀርጻል። ማህተሙ ከቁልፉ አይወጣም። ለጉግል የሚሰጠው የማህተሙን እውነተኛነት መመርመር የሚያስችል ናሙና ብቻ ነው፤ በናሙናው ሌላ ማህተም መቅረጽ አይቻልም። ስለዚህ የኩባንያው መዝገብ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው የሚያገኘው ነገር አይጠቅመውም።

በሌላ ቀን ሊገቡ ሲሉ ጉግል ከዚያ በፊት ተጠይቆ የማያውቅ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ይህን አትምልኝ እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ብራውዘሩ ወሳኝ ሥራ ይሠራል፦ ያሉበትን ገጽ ትክክለኛ አድራሻ ከቁጥሩ ጋር አያይዞ ለቁልፉ ያቀርባል። ቁልፉ ለዚያ አድራሻ የቀረጸው ማህተም ካለው እንዲነኩት ይጠብቃል፤ ሲነኩት አትሞ ይመልሳል። ብዙ ሰው ይህን መንካት የጣት አሻራ ንባብ ይመስለዋል። በአብዛኞቹ ቁልፎች ግን የሚያሳየው ቁልፉ አጠገብ ሰው መኖሩንና በሩቅ ያለ ሌባ እንዳልሆነ ብቻ ነው።

አሁን ጂሜይል የሚመስል ገጽ በሐሰተኛ አድራሻ ተከፍቶልዎት የይለፍ ቃልዎን አስገቡ እንበል። ቀለሙ፣ ምልክቱ፣ ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው። ዓይንዎ ያየው ያንን ነው፤ ብራውዘሩ ለቁልፉ የሚነግረው ግን የአድራሻውን ፊደላት ነው። ለዚያ አድራሻ የተቀረጸ ማህተም የለም፤ ቁልፉም የሚያትመው ነገር አያገኝም። እርስዎ አጥብቀው ቢፈልጉ እንኳ ለሌባው አሳልፈው ሊሰጡት አይችሉም፤ በስልክ ደውሎ «የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ለሚለውም የሚነበብለት ቁጥር የለም።

ይህ ማለት ሁሉን ይከላከላል ማለት አይደለም። ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ሊንክ የያዘ ኢሜይል ይላክ እንደነበር ገልጿል። ሊንኩን የከፈተ ሰው ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ ይባላል፤ የሚጫነው ፕሮግራም ግን ሰላይ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አንዴ ከገባ፣ እርስዎ በቁልፍዎ በሕጋዊ መንገድ የከፈቱትን አካውንት ከውስጥ ያያል። ቁልፉ የሚጠብቀው መግቢያውን ነው።

ሁለተኛው ክፍተት እኛው ራሳችን የምንተወው ነው። ቁልፉን ካስመዘገቡ በኋላ የስልክ ቁጥርዎ በአማራጭነት ከቆየ፣ ሌባው Try another way የሚለውን ነክቶ በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ይጠይቃል። ቁልፍ ገዝተው ይህን ያላስተካከሉ ሰዎች ገንዘባቸው ከንቱ ይቀራል፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

ታዲያ መግዛት ለማን ያዋጣል? መጀመሪያ ነጻውን ይሞክሩ። ፓስኪ የሚባለው በስልክዎ ውስጥ ያለ መግቢያ የሚሠራው በዚሁ የማህተም ዘዴ ነው፤ ሐሰተኛ ገጽንም እንደ ቁልፉ አይቀበልም። ለአብዛኛው ሰው በቂ ይመስለኛል። ልዩነቱ፣ ፓስኪ ብዙውን ጊዜ በጉግል ወይም በአፕል አካውንትዎ በኩል ወደ ሌሎች ስልኮችዎ ይገለበጣል፤ ያ አካውንት ከተሰበረ ሁሉም አብሮ ይናጋል። እንግዲህ ቁልፉ ለሥሩ ነው፦ ሌላው የይለፍ ቃል ሁሉ ለሚታደስበት ዋና ኢሜይልዎ። ጋዜጠኛ ከሆኑ፣ እንጀራዎ የተመሠረተበት የዩቲዩብ ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ካለዎት፣ ወይም ስልክዎ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋና የሚቀየር ከሆነ ያዋጣል። ለቴሌብር ብለው ግን አይግዙ፤ እሱ የሚከፈተው በፒን ነው።

ዋጋው ቀላሉ ከ25 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው። ለግል አካውንት ከዚህ በላይ የሚያስወጡት ባለ ብዙ አገልግሎት ቁልፎች አያስፈልጉም፤ ከስልክዎና ከኮምፒውተርዎ ቀዳዳ ጋር መግጠሙንና ያለ ገመድ በስልክ መነበቡን ያረጋግጡ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ፣ ከአምራቹ ወይም ከታወቀ ሻጭ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት እንዲሆን ይንገሩት። ሒሳቡን ግን በሁለት ያባዙት፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ሰው ቁልፉ የጠፋበት ዕለት ራሱን ውጭ ይቆልፋል። አፕል እንዲያውም ከሁለት ባነሰ ቁልፍ አያስመዘግብም። የእኔ አንደኛው ከቤት ቁልፌ ጋር ተንጠልጥሏል፤ ሁለተኛው ከልደት የምስክር ወረቀት ጋር ሣጥን ውስጥ ነው። ያገኘው ሰው የማን እንደሆነ ከላዩ አያነብም። ፒን ካበጁለት ደግሞ ስምንት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል፤ እንደገና የሚሠራውም በውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ ነው።

በጉግል ላይ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። myaccount.google.com ገብተው በደኅንነት ክፍሉ ሁለቱንም ቁልፎች በየተራ ያስመዝግቡ። Backup codes የሚባሉትን አሥር ኮዶች በወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከዚያ ስልክ ቁጥርዎን ከሁለተኛ ማረጋገጫነት ያውጡ። ሲጨርሱ ገብተው በማያውቁበት ኮምፒውተር ላይ ቁልፉን ሳይሰኩ ለመግባት ይሞክሩ፤ Try another way የሚለውን ይንኩና የሚመጡትን አማራጮች አንድ በአንድ ያንብቡ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ሰው ሊያገኘው የሚችል መንገድ ካዩ፣ ተመልሰው እሱንም ይዝጉት።