«ፈቃድ ተከልክሏል» ከሚለው መስመር በታች

ለንደን ውስጥ የራሱ ቤት ያለው ሐበሻ ጓሮውን ሲያይ የሚመኘው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ልጆቹ አድገው ክፍል ጠቧቸዋል፣ እናት ከአገር ቤት ሊመጡ ነው፣ ወጥ ቤቱም እንኳን ምጣድ ሁለት ሰው አያስተናግድም። ስለዚህ ከኋላ በኩል ክፍል ልቀጥል ብሎ ፕላን ያሠራና ለካውንስሉ ያመለክታል። ውሳኔው በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ አንዳንዴ የሚመጣው መልስ «ፈቃድ ተከልክሏል» ነው። ብዙ ሰው እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የሚጠቅመው ነገር ያለው ግን ከዚያ መስመር በታች ነው።

በእንግሊዝ ሕግ የግንባታ ፕላን ያልተቀበለ ካውንስል ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ፣ በግልጽና በማያሻማ ሁኔታ መጻፍ አለበት። የተመረኮዘበትን የአካባቢ ፕላን ድንጋጌም በቁጥሩ መጥቀስ ይጠበቅበታል። በአገራችንም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ብቻ ብሎ ማኅተም መምታት እንግዲህ እዚህም እዚያም ሕጉ የሚፈልገው መልስ አይደለም።

ምክንያት ተጽፏል ማለት ግን ሰው ይገባዋል ማለት አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከግራም ከቀኝም ግድግዳ የሚጋራ የረድፍ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ከኋላው ምድርና አንድ ፎቅ፣ ወደ ጓሮው 4 ሜትር የሚገባ፣ የቤቱን ሙሉ ወርድ የሚይዝ ግንባታ ጠየቁ። መልሱ በተለመደው የቢሮ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦ «የቀረበው ግንባታ በጥልቀቱ፣ በከፍታውና ከወሰኑ ጋር ባለው ቅርበት የተነሳ በአዋሳኝ ይዞታ ነዋሪዎች ምቾት ላይ ተቀባይነት የሌለው ጉዳት የሚያስከትል በመሆኑ ከአካባቢው ፕላን ጋር ይጋጫል።» ስህተት የለውም፤ ግን አንብቦ የጨረሰ ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ያንኑ ነገር እንዲህ ማለት ይቻል ነበር፦ «የላይኛው ፎቅ በስተግራ ያለው ጎረቤትዎ መኝታ ቤት የሚያገኘውን ብርሃን ይጋርዳል። ችግሩ ግድግዳው ወሰኑ ላይ ቆሞ 4 ሜትር መውጣቱ ነው። የምድር ቤቱን ክፍል አልተቃወምነውም።» በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ የሚጎዳው የግንባታው ክፍል የቱ እንደሆነና ምኑ ደኅና እንደሆነ ታወቀ። እንደ እኔ ከሆነ ዋጋ ያለው የመጨረሻው ነው፤ ያልተነቀፈውን የሚነግር ደብዳቤ ቀጣዩን ፕላን ግማሽ ያህል ሠርቶ ይሰጣል።

ደብዳቤው ይህን ባይናገርም ዝርዝሩ የትም አይጠፋም። ውሳኔውን ያዘጋጀው ባለሙያ የጻፈው ሪፖርት አለ፤ ከማመልከቻው ሰነዶች ጋር በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ብርሃንን በተመለከተ ብዙ ካውንስሎች የሚጠቀሙበት መለኪያ የ45 ዲግሪ መስመር ነው። በፕላኑ ላይ ከጎረቤት መስኮት መሐል ተነስቶ ወደ አዲሱ ግንባታ በ45 ዲግሪ መስመር ይሰመራል፤ ግንባታው መስመሩን ካለፈ ብርሃን ይከለክላል ተብሎ ይገመታል። በምሳሌያችን የጎረቤት መስኮት መሐል ከወሰኑ 1.5 ሜትር ይርቃል እንበል። መስመሩ ወሰኑን የሚነካው ከኋላ ግድግዳው 1.5 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ ወሰኑ ላይ የቆመው ግድግዳ ግን 4 ሜትር ይወጣል። የላይኛው ፎቅ ከወሰኑ 1.5 ሜትር ሸሽቶ ወደ ጓሮው 3 ሜትር ብቻ ቢገባ መስመሩን ነክቶ ያቆማል እንጂ አያልፍም። በዚህ የሚቀነሰው ከላይኛው ፎቅ ብቻ ነው፤ ምድር ቤቱ እንዳለ ይቀራል።

ይግባኝ ልበል ወይስ እንደገና ላመልክት የሚለው ጥያቄ የሚፈታውም በዚህ ስሌት ነው። ይግባኙን የሚያየው ካውንስሉ ሳይሆን ፕላኒንግ ኢንስፔክቶሬት የሚባለው ሌላ አካል ነው፤ ክፍያ የለውም። ነፃ መሆኑ ብዙዎችን ያማልላል። ነገር ግን ኢንስፔክተሩ የሚፈርደው በተከለከለው ፕላን ላይ ነው። «እሺ፣ 1.5 ሜትር እሸሻለሁ» ማለት በይግባኝ ቦታ የለውም፤ ለዚያ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል። አዲሱ ማመልከቻ ደግሞ ቀድሞ አንድ ጊዜ በነፃ ይፈቀድ የነበረው ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. አንድ ቤት ለማስፋት የሚከፈለው 528 ፓውንድ ነበር፤ ለአርክቴክቱ የሚሄደው ሳይቆጠር። ቢሆንም ከላይ እንዳየነው ዓይነት በጥቂት ሜትር የሚስተካከል ጉዳይ ከሆነ ከፍሎ ማስተካከሉ ያዋጣል።

ይግባኝ የሚያዋጣው ምክንያቱ ራሱ ሲያነክስ ነው። ለምሳሌ የጎረቤት ቤት ዋጋ መውረድ ወይም ከመስኮቱ የሚያየው ውብ እይታ መጋረዱ በፕላን ሕጉ ክብደት የላቸውም። ብርሃን ማጣት፣ ወደ ሰው ጓሮ መመልከትና የመንገዱን መልክ ማበላሸት ግን ይመዘናሉ። ስምንት ጎረቤት ተቃውሞ ጽፎ ሁሉም ስለ ዋጋ ቢያወሩ ቁጥራቸው አይፈርድም። ባለሙያው መስኮቱን ሳሎን ነው ብሎ የለካው መታጠቢያ ቤት ሆኖ ቢገኝም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ የሚጠብቀው ሰው የሚውልበትንና የሚተኛበትን ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በፎቶ ከታየ ጠንካራ ይግባኝ ይሆናል።

የቤት ማስፋፊያ ይግባኝ አካሄዱ አጭር ነው። አመልካቹ መከራከሪያውን የሚያስገባው በመጀመሪያው ቅጽ ነው፤ ካውንስሉ በአብዛኛው በዚያው በሪፖርቱ ይሟገታል። ጎረቤቶች ማመልከቻው በታየበት ጊዜ የጻፉት ይቆጠርላቸዋል እንጂ ሌላ አይጨምሩም። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ቦታውን ያያል፤ በጉብኝቱ ላይ ክርክር አይሰማም። ስለዚህ «በአካል ሲመጣ አስረዳዋለሁ» ብሎ ነጥብ ያስቀረ ሰው ዕድሉን አሳልፏል።

ሰው በብዛት የሚሸነፈው ግን በቀን ነው። ለቤት ማስፋፊያ ያለው ጊዜ 12 ሳምንት ሲሆን የሚቆጠረው ደብዳቤው እጅ ከገባበት ሳይሆን ከተጻፈበት ቀን ነው። ማርች 3 ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ እስከ ሜይ 26 ድረስ ብቻ ያሠራል፤ ዕረፍት ሄጄ ነበር ማለት አይረዳም። ሥራው ቀድሞ ተጀምሮ ካውንስሉ የማስፈጸሚያ ማስታወቂያ ካወጣ ጊዜው ወደ 28 ቀን ሊያጥር ይችላል። ማስታወቂያውን ራሱን መቃወም ደግሞ ሌላ ይግባኝ ነው፤ ያም በላዩ የተጻፈው የመጽኛ ቀን ከመድረሱ በፊት መግባት አለበት።

ኢንስፔክተሩም ከከለከለ የሚቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚያ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ሕግ ተጥሷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፤ ክፍሉ የጎረቤትን ብርሃን ይጋርዳል አይጋርድም የሚለው ክርክር እዚያ አይነሳም።