ቃለ ጉባኤው የማይመልሰው ጥያቄ

በየሁለት ሳምንቱ የሚሰበሰብ የግንባታ ፕሮጀክት ቃለ ጉባኤ አይቸግረውም። ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከወራት በኋላ «የመስኮቱን ጉዳይ በምን ነበር የቋጨነው?» የሚል ሲመጣ ግን የተከመረውን ሁሉ ማገላበጥ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚሄደው በስብሰባ ተራ ነው፤ ጥያቄው የሚነሳው በጉዳይ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የውሳኔ መዝገብ ነው፤ ከየቃለ ጉባኤው ውሳኔዎቹን ብቻ ለቅሞ በአንድ ሰንጠረዥ ይይዛል፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ውሳኔው፣ ምክንያቱ፣ የወሰነው አካል፣ ያለበት ሁኔታ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ4ኛው ስብሰባ ላይ የሕንፃው መስኮቶች በሙሉ አሉሚኒየም እንዲሆኑ ተወሰነ እንበል፤ ምክንያቱ ብረት ይዝጋል የሚል ነው። መዝገቡ ላይ 04-2 ተብሎ ይገባል፤ የ4ኛው ስብሰባ 2ኛ ውሳኔ ማለት ነው። በ9ኛው ስብሰባ ተቋራጩ አሉሚኒየም ከገበያ መጥፋቱን ገልጾ፣ ያልተገጠሙት የመጋዘን መስኮቶች በብረት እንዲሠሩ ባለቤቱ ፈቀደ። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ 04-2ን ከፍቶ ያርመዋል። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ትክክለኛው አሠራር 09-1 የሚል አዲስ መስመር ከፍቶ «04-2ን በከፊል ይተካል» ማለት፣ በአሮጌው መስመር ሁኔታ ሥር ደግሞ «በ09-1 በከፊል ተተክቷል» ብሎ ማስፈር ነው። ክፍያ ሲጠየቅ፣ ከ9ኛው ስብሰባ በፊት የተገጠመው አሉሚኒየም በማን ፈቃድ እንደተገጠመ የሚያሳየው ያ ያልተነካው አሮጌ መስመር ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ማይክል ናይጋርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተሻረ ውሳኔ ሳይጠፋ መሻሩ ብቻ ተመልክቶበት እንዲቀመጥ መክሯል።

የምክንያቱ ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። ተቋራጩ በ9ኛው ስብሰባ ብረት ሲያነሳ ግን «ዝገቱስ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻለው 04-2 ለምን እንደተወሰነ ተጽፎ ከተገኘ ነው። አለበለዚያ ክርክሩ ከዜሮ ይጀምራል።

«ቢታይ ጥሩ ነው»፣ «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» የሚሉትን መዝገብ ውስጥ አታስገቡ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ስብሰባው ላይ ያልነበረ ፎርማን መስመሩን አንብቦ ነገ ሥራ መጀመር ይችላል? ካልቻለ ገና አልተወሰነም። ስለዚህ ጸሐፊው ሰው ከመበተኑ በፊት መስመሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ተቃውሞ ካለ እዚያው ይውጣ።

መዝገቡ ግን ውል አይለውጥም። የመስኮቱ ለውጥ ዋጋ የሚነካ ከሆነ፣ ውሉ በሚያዘው መሠረት የአማካሪው መሐንዲስ የጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የደብዳቤው ቁጥርም ከ09-1 ጎን ይጻፋል። ያ ቁጥር የሌለበትን የዋጋ ለውጥ ይዞ ክፍያ የሚጠይቅ ተቋራጭ፣ መዝገቡን ቢያሳይም ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል።