«የመጨረሻው ስንት ነው?»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስና ጋቢ የሚሸጡ ባለሱቆች ዋጋ አወጣጥ ሲያማክሩኝ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የ99ን ነገር ነው። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ገብተው 499 ወይም 999 የሚል ዋጋ አይተዋል፤ «እኛስ እንዲህ ብንለጥፍ?» ይላሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው። ቁጥር የሚነበበው ከግራ ስለሆነ 499ን ያየ ሰው ቀድሞ የሚይዘው 4ን ነው፤ ከ500 የሚለየው በአንድ ብር ቢሆንም ልዩነቱ ከዚያ የሰፋ ይመስለዋል። አንደርሰንና ሲሚስተር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ አንድ የሴት ልብስ 39 ዶላር ተብሎ ሲቀርብ 34 ዶላር ከተባለበት ይልቅ ብዙ ገዥ አግኝቷል።

ይህ የሚሆነው ግን ገዥው የተጻፈውን አንብቦ ያንኑ ከፍሎ በሚወጣበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ገዥ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል። በዚያ ላይ በጥሬ ብር ከከፈለ የአንድ ብር መልስ አይገኝም፤ በመልሱ ፈንታ ማስቲካ የተሰጠው ሰው ቅር ብሎት ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የመልሱ ጣጣ ቀሎ ይሆናል፤ ክርክሩ ግን አልቀረም።

ስለዚህ በእኛ ሱቅ የቁጥር መጨረሻ የሚሠራው በክርክሩ ውስጥ ነው። አንድ ብርድ ልብስ 1,500 ብር ተባለ እንበል። መቶ ላይ የተደፈነ ዋጋ ገዥውንም በመቶ እንዲወርድ ይጋብዘዋል፤ 1,200 ይላል፣ ሻጩ 1,400 ይላል፣ 1,300 ላይ ይገናኛሉ። ያው ብርድ ልብስ 1,460 ቢባል ገዥው ዋጋው ተሰልቶ የወጣ መሆኑን ያስባል፤ እርምጃውም ያጥራል። 1,350 ይላል፤ 1,390 ወይም 1,400 ላይ ይስማማሉ። ዝቅ ብሎ የጀመረው ዋጋ ከፍ ብሎ ተዘጋ። ጃኒሼቭስኪና ኡይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሙከራም፣ በፍሎሪዳ የቤት ሽያጭም አሳይተዋል፤ መነሻው ያልተደፈነ ቁጥር ሲሆን ሰዎች ከእሱ ብዙም አይርቁም።

ቁጥሩ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። መግዣው 1,180፣ የመጓጓዣና የኪራይ ድርሻው 95፣ ትርፉ 185 ከሆነ 1,460 ይመጣል፤ ገዥው «ለምን?» ቢል መልስ አለ። 1,390 ላይ ቢሸጥ 115 ብር ይተርፋል፤ 1,300 ላይ ግን የቀረው 25 ብር ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በ60 ካለቀ ደግሞ ደንበኛው በሁለተኛው ግብይት ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን አያምንም።

የዕቃው ቅደም ተከተልም መነሻ ቁጥር ይተክላል። ትቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 በጻፉት ጽሑፍ፣ የሚሽከረከር መንኮራኩር 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች የተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮችን ድርሻ 25 በመቶ፣ 65 ላይ የቆመላቸው 45 በመቶ ብለው ገምተዋል። ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ቁጥር ይህን ካደረገ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዋጋ ምን ያህል እንደሚጎትት ማሰብ አይከብድም። 890፣ 1,460 እና 2,900 ብር የሚሸጡ ሦስት ብርድ ልብሶች ካሉ፣ 890ውን መጀመሪያ ያየ ሰው 1,460ው ይወደድበታል፤ 2,900ውን መጀመሪያ ያየ ሰው ደግሞ ያንኑ ደህና ዋጋ ይለዋል። በር ላይ ግን ውዱን መስቀል አልመክርም። ከአንኮበር ለገበያ የመጣ ሰው 2,900 ሰምቶ ሳይገባ ያልፋል። በር ላይ መካከለኛው ይሰቀል፤ ውዱ ከውስጥ፣ ገዥው እንደገባ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ። የሚሸጥ ዕቃም ይሁን፤ ለማወዳደሪያ ብቻ ዋጋው የተጋነነ አይሁን።

ይህ ሁሉ ዘይትና ስኳር ላይ አይሠራም፤ ዋጋቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ሦስት ሱቅ ጠይቆ የመጣ ገዥም መነሻውን ይዞ ነው የሚገባው።

መነሻው መብዛቱን የሚነግርዎ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። ዋጋ የቆረጠ ገዥ፣ ዝቅ አድርጎም ቢሆን፣ አሁንም ገዥ ነው፤ ሰምቶ ያለ ቃል የወጣው ግን አይመለስም። በደብተር የጠሩትን ዋጋ፣ የገዥውን የመጀመሪያ ቃልና የተዘጋበትን ይጻፉ፤ ዝም ብለው የወጡትንም ይቁጠሩ። እነዚህ ከበዙ መነሻውን ዝቅ ያድርጉ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የኅዳር ውርጭ ሲጠና ብርድ ልብስ የሚፈልግ ሰው ምርጫ የለውም፤ ከገጠር የመጣው ደግሞ የከተማውን ዋጋ ላያውቅ ይችላል። አዋጅ 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዝዛል። የተሰላውን ዋጋ ይለጥፉ፤ ለመንግሥት ሠራተኛውም ለገበሬውም የሚጠሩት መነሻ ያው የተለጠፈው ይሁን።